ቤት የመታ፣ ልብ የረታ

እኛ ሰፈር ዕቁብ የሚጣለው እሁድ ከሰዓት፣ ከቡና ጋር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንዱ እሁድ አንዲት አዲስ ተከራይ ‹‹ልግባ›› ብላ ጠየቀች። ሰፈሩን ከለመደች አራት ወር አይሞላትም፤ ነገር ግን ሥራ አላት፣ ዋስም አምጥታለች። ክርክሩ ደህና ክርክር ነበር። አንዱ ‹‹ዋሱ የት ነው የሚሠራው?›› ይላል። ሌላዋ ‹‹የመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች ላይ ስሟ አይግባ፤ ከመካከል ጀምሮ ይግባ›› የሚል ሐሳብ ታመጣለች። ጸሐፊያችን የወር ደመወዟን ከመዋጮው ጋር እያስተያየ ያሰላል። በዚህ መሃል፣ ጥግ ላይ ሆነው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አባት ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርገው ‹‹ልጆቼ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› አሉ።

አለቀ። ስለ ዋሱ የጠየቀው ሰው መልሱን ሳይሰማ ዝም አለ። ጸሐፊውም ስሌቱን ተወው። ሴትየዋ ‹‹ለሚቀጥለው ዙር ይታያል›› ተባለች፤ የሚቀጥለው ዙር ሳይመጣ ቤት ቀየረች።

እኔም ያን ዕለት ራሴን ከነቀነቁት አንዱ ነኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ነገሩ የከነከነኝ። እኒያ አባት ስለ ሴትየዋ አንድም መረጃ አልሰጡም፤ ስለ ዋሷም፣ ስለ ደመወዟም አላነሱም። ያነሱት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ‹‹ጠረ›› ብለው ያበቃሉ። ‹‹ያልተጠነቀቀ ሰው ሊከስር ይችላል›› ቢሉ ኖሮስ? አንዱ ተነስቶ ‹‹ዋስ እያለ እንዴት ይከሰራል አባባ?›› ማለቱ አይቀርም ነበር። ትርጉሙ ያው ነው። የጎደለው ቤት መምታቱ ብቻ ነው።

ይህን ጥርጣሬዬን ሥነ ልቦና በደንብ ፈትሾታል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለው ላፋዬት ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ማቲው ማክግሎን፣ ከጄሲካ ቶፊባክሽ ጋር ሆኖ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የሚጀምረው ልክ እኔ እንደጀመርኩት ቃል በመለወጥ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቤት የሚመቱ 30 የእንግሊዝኛ አባባሎችን ሰበሰቡ። አመራረጣቸው ላይ አንድ ብልሃት አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ታዋቂ አባባሎች ትተው የተረሱትን ነው የወሰዱት። የታወቀ አባባል ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ ሲገባ የኖረ ስለሆነ፣ እውነት የመሰለው በዜማው ይሁን በለመድነው ብዛት ለመለየት አይቻልም። ‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ›› የሚለውን ‹‹ጠጅ በዋንጫ›› ብዬ ብለውጥባችሁ የሚሰማችሁ መጎርበጥ ግማሹ ከልማድ የመጣ ነው።

ከመረጧቸው አንዱ በእንግሊዝኛ ‹‹ዎዝ ዩናይት ፎዝ›› ይላል። መከራ ባላንጣዎችን አንድ ያደርጋል ማለት ነው። ‹‹ዎዝ›› መከራ ነው፣ ‹‹ፎዝ›› ደግሞ ጠላቶች። ተመራማሪዎቹ ‹‹ፎዝ›› የሚለውን አውጥተው ‹‹ኤነሚስ›› የሚለውን አስገቡበት። እሱም ጠላቶች ማለት ነው፤ ቤቱ ግን ፈረሰ። ሠላሳውንም እንዲህ ሁለት ሁለት መልክ ሰጧቸውና መቶ ለሚሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች አቀረቡ። አንድ ተማሪ አንድን አባባል በአንዱ መልኩ ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ማወዳደር አይችልም። የተጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ አባባል የሰውን ጠባይ ምን ያህል በትክክል ይገልጻል? ከ1 እስከ 9 ነጥብ ስጡ።

ቤት የሚመቱት ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር አልነበረም፤ ከዘጠኙ ውስጥ አንድ ነጥብ ገደማ ነው። ግን ሐሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ ያ አንድ ነጥብ ከየት መጣ? ማክግሎንና ቶፊባክሽ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ከመጀመሪያውም ቤት የማይመቱ አባባሎችን ወስደው ቃላቸውን በተመሳሳይ ቃል ለውጠው አይተዋል። እነዚያ ላይ ለውጡ ምንም አላጎደለም። ስለዚህ ዋጋ ያሳጣው የቃል መለወጥ አይደለም፤ የቤቱ መፍረስ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን በመጨረሻ የቀረበው ጥያቄ ነው። ተማሪዎቹን ‹‹ቤት የሚመታ አባባል ከማይመታው ይልቅ የሰውን ጠባይ በትክክል የሚገልጽ ይመስላችኋል?›› ብለው ጠየቋቸው። አንድም ተማሪ ‹‹አዎ›› አላለም። ሁሉም ‹‹አይደለም›› አሉ፤ ነጥባቸው ግን ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። እኔም ያን እሁድ ‹‹ለምን ራስህን ነቀነቅህ?›› ብባል ‹‹አባባ ልክ ናቸው፤ ጥንቃቄ አይከፋም›› እል ነበር እንጂ፣ ‹‹ጠረ እና ጠረ ስለገጠሙልኝ›› አልልም።

ማክግሎን ለዚህ ጠባይ የገጣሚውን የጆን ኪትስን ስም አውጥቶለታል። ኪትስ ስለ አንድ የግሪክ እንስራ በጻፈው ግጥም መደምደሚያ ላይ ውበትንና እውነትን አንድ አድርጎ ነበር። ለገጣሚ ያምርበታል። ዕቁብ ለሚጥል ሰው ግን ያስቸግራል።

ውበቱ እንዴት አድርጎ ነው ወደ እውነት የሚሻገረው? የሥነ ልቦና ሰዎች መልሱን ‹‹ፍሉዌንሲ›› በሚሉት ነገር ላይ ያቆሙታል። እኔ እዚህ ‹‹ቅለት›› እለዋለሁ። አእምሯችን አንድን ነገር ሲያነብ፣ ሲሰማ፣ ሲያስታውስ ሥራው ቀለለው ወይስ ከበደው የሚለውን ራሱ ይታዘባል። ይህን ትዝብት በሐሳብ ሳይሆን በስሜት ነው የምናውቀው፤ ነገሩ ‹‹ገባልኝ››፣ ‹‹ተመቸኝ››፣ ‹‹ጎረበጠኝ›› ይለናል። ችግሩ ስሜቱ ከየት እንደመጣ አድራሻ ይዞ አለመምጣቱ ነው። ቅለቱ ከሐሳቡ ጥራት ይምጣ፣ ከፊደሉ ጉላት ይምጣ፣ ወይም ከድምፁ ግጥምጥም ይምጣ፣ የሚሰማን ያው አንድ ‹‹ይሄ ልክ ነው›› የሚል ስሜት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከቃል ጋር ባልተያያዘ ነገር ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ሮልፍ ሬበርና ኖርበርት ሽዋርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለሰዎች ‹‹ኦሶርኖ ቺሊ ውስጥ ናት›› የሚመስሉ ዓረፍተ ነገሮችን አሳዩ። አብዛኛው ሰው ኦሶርኖን ስሟንም ሰምቶ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሮቹ ነጭ ገጽ ላይ የተጻፉ ሲሆን ግማሾቹ በደንብ በሚታይ ቀለም፣ ግማሾቹ ደግሞ በፈዛዛ ቀለም ነበሩ። በደንብ የሚታዩት ‹‹እውነት ነው›› የመባል ዕድላቸው በትንሹም ቢሆን ከፍ አለ። ስለ ቺሊ ምንም የማያውቅ ሰው፣ ስለ ቺሊ የሰጠው ፍርድ በቀለም ዘነበለ።

ሽዋርዝ ቆየት ብሎ ከህዩንጂን ሶንግ ጋር የሠራው ደግሞ የበለጠ ከኑሮ ጋር ይገናኛል። ለተማሪዎች የአንድ የሰውነት እንቅስቃሴ መመሪያ ሰጧቸው። ለግማሾቹ በሚነበብ የፊደል ዓይነት፣ ለግማሾቹ በእጅ ጽሕፈት መልክ በተጠማዘዘና ለማንበብ በሚያስቸግር ፊደል ነበር። መመሪያው ቃል በቃል አንድ ነው። ‹‹እንቅስቃሴው ስንት ደቂቃ ይፈጃል?›› ሲባሉ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 8 ደቂቃ ገደማ አሉ፤ የኋለኞቹ 15። የማንበቡን ድካም የእንቅስቃሴው ድካም አድርገው ወሰዱት።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ‹‹አእምሯችን እንዲህ ሞኝ ነው?›› አልኩ። አሁን እንደዚያ አላስብም። ቅለትን የእውነት ምልክት አድርጎ መውሰድ ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣ ነገር ነው። ደጋግመን የሰማነው ነገር ይቀለናል፤ ከብዙ ሰው አፍ ደጋግመን የምንሰማው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ እሳት ያቃጥላል፣ ያልታጠበ እጅ ያሳምማል። እያንዳንዱን እንደ አዲስ ስንመረምር ብንውል ቡናውም አይፈላ። ስለዚህ አእምሮ ‹‹ቀለለኝ፣ እንግዲያው የማውቀው ነገር ነው፣ እንግዲያው እውነት ነው›› የሚል አቋራጭ መንገድ አለው። ቤት መምታት የሚገባው በዚህ አቋራጭ ነው፤ ሳንለምደው የለመድነው ያስመስለዋል።

በጆሮ ሲሰማ ነገሩ እንዲህ ይመስላል። ‹‹ያልጠረጠረ›› የሚለው ሲነገር ‹‹ጠረ›› የሚለው ድምፅ ጆሮ ውስጥ ገና ሳይበርድ ‹‹ተመነጠረ›› ይመጣል። የቃሉ መጨረሻ አዲስ አይደለም፤ ቦታው አስቀድሞ ተይዞለታል። ግሡ ራሱ የደን ነው፤ የተመነጠረ መሬት ዛፍ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባዶ የቀረ ነው። ምስሉ ከባድ ነው፣ ዜማው ግን ቀላል ነው፤ ሁለቱ ተደራርበው ሲመጡ ‹‹መቼ? ማን? ከስንቱ ስንቱ?›› ለማለት ፋታ አይሰጡም። እኛ ዕቁብ ውስጥ ማንም ሳይጠረጥራቸው ገብተው ዙሩን ሙሉ ሳያጓድሉ የከፈሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነሱን የሚቆጥር ተረት የለም።

ይህን ነገር አሜሪካ ውስጥ በአደባባይ ያሳየው የታወቀ ችሎት አለ። በሰኔ 15 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦ ጄ ሲምፕሰን፣ ገዳዩ ጥሎት ሄደ የተባለውን የቆዳ ጓንት በችሎት ፊት እንዲያጠልቅ ተደረገ፤ ጓንቱ አልገባ ብሎ ታገለው። ከሦስት ወር በኋላ ጠበቃው ጆኒ ኮክራን ለዳኞቹ የመዝጊያ ንግግር ሲያደርግ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰረው፦ ‹‹ኢፍ ኢት ዳዝንት ፊት፣ ዩ መስት አኩዊት።›› ካልገባለት ነጻ ልትለቁት ይገባል ማለት ነው። ‹‹ፊት›› እና ‹‹አኩዊት›› ይገጥማሉ። ወራት የፈጀውን ክርክር ዳኞቹ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መክረው ጥቅምት 3 ቀን በነጻ ለቀቁት። አረፍተ ነገሩ ለዚህ ውሳኔ ምን ያህል እንዳዋጣ ማንም ሊለካው አይችልም፤ በችሎቱ ሌላ ብዙ ነገር ነበር። ማክግሎን ግን ምርምሩን ሲያብራራ ይህን ንግግር ያነሳል። ‹‹ካልገባለት ጥፋተኛ አይደለም በሉ›› ቢባል ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

እኛ አገር ይህ ጥበብ የጠበቃ ብቻ አልነበረም። በድሮው ሙግት፣ በላ ልበልሃ ሲባል፣ ከሳሽም ተከሳሽም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ነገሩን በግጥም እያሳመረ ነበር የሚሟገተው። አንደበቱ የሰላ ሰው ይፈራ ነበር። ተሟጋቾቹ ስለ ፍሉዌንሲ የሚያነቡት ጥናት አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ማስታወሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቤት መምታት የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ማታለልም የለበትም። ዴቪድ ሩቢን የተባለው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዕድሜውን ያሳለፈው በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የሚተላለፉ ነገሮች፣ ማለትም የጀግንነት ታሪኮች፣ የሕዝብ ዘፈኖችና የሕፃናት መቁጠሪያ ግጥሞች እንዴት ሳይለወጡ እንደሚቆዩ በማጥናት ነው። እሱና ዋንዳ ዋላስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ለሰዎች ፍንጭ ሰጥተው ቃል እንዲያመጡ ጠየቁ። የትርጉም ፍንጭ ብቻ ሲሰጥ፣ ለምሳሌ ‹‹በተረት የሚነገር ፍጡር›› ሲባል፣ የታሰበው ቃል የመጣው በ14 በመቶ ነው። የድምፅ ፍንጭ ብቻ ሲሰጥ፣ ማለትም ‹‹እንዲህ ብሎ የሚያልቅ ቃል›› ሲባል፣ በ19 በመቶ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡስ? በ97 በመቶ።

አሥራ አራትና አሥራ ዘጠኝ ቢደመሩ ሠላሳ ሦስት ነው፤ ዘጠና ሰባት ከየት መጣ? በአማርኛ ሞክሩት። ‹‹የቤት እንስሳ›› ብላችሁ ሰው ጠይቁ፤ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ውሻ፣ ድመት፣ ምን የማይለው አለ። ‹‹በ‹ሮ› የሚያልቅ ቃል›› በሉት፤ ከበሮ ይላል፣ ጆሮ ይላል፣ ኑሮ ይላል። ‹‹በ‹ሮ› የሚያልቅ የቤት እንስሳ›› ስትሉት ግን ዶሮ ነው፤ ሌላ የለም። አንዱ ፍንጭ ሰፊ መስክ ይሰጣል፣ ሌላውም ሰፊ መስክ ይሰጣል፤ ሁለቱ መስኮች የሚገናኙበት ቦታ ግን አንድ ሰው የማያስቆም ጠባብ ነው።

ተረትና ምሳሌ ላይ ይህ ሲሠራ ማየት ያስደስታል። ‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በ…›› ላይ መጨረሻው ቢጠፋችሁ፣ ትርጉሙ መጠጫ ዕቃ ይጠቁማችኋል፤ ዋንጫም፣ ብርጭቆም፣ ቀንድም መጠጫ ነው። ድምፁ ‹‹ሌ›› ይላችኋል። በሁለቱ መካከል ብርሌ ብቻ ቆማለች። ጠጅ በብርሌ ጠጥቶ የማያውቅ፣ ብርሌን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ የዘንድሮ ልጅ እንኳ ‹‹ጠጅ በብርጭቆ›› አይልም። ቤቱ ቃሉን ጠብቆ አቆይቶታል።

ቤት የሌላቸውን ደግሞ አስተውሉ። መናገር ሲገባ ዝም ማለት ሹመት ያሳጣል የሚለውን አባባል እኔ ራሴ ከተለያየ ሰው በተለያየ መልክ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ‹‹ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል›› ይላል፤ ሌላው ‹‹በዝምታ›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ካልተናገሩ›› ይላል። ሐሳቡ ይኖራል፣ ቃሉ ይንሸራተታል። በተቃራኒው ወገን ያለው ‹‹ዝም አይነቅዝም›› ግን የትም ሄዳችሁ ብትሰሙት ያው ነው፤ የምትለውጡበት ቀዳዳ የለውም። ሁለቱ የሚመክሩት ፍጹም ተቃራኒ ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስብሰባ ላይ ሰው አፉን ሲይዝ ቀድሞ ትዝ የሚለው የትኛው እንደሆነ ግን አንባቢ ያውቃል። ዝምታ በአማርኛ የበለጠ ጠበቃ ያገኘችው የተሻለ ነገር ሆና ነው፣ ወይስ የተሻለ ቤት ስለመታች ነው? እኔ መልስ አላገኘሁም፤ ጥያቄው ግን ይጣፍጠኛል።

ማስታወሱና ማመኑ እዚህ ላይ ይቆላለፋሉ። ሊን ሃሸርና ሁለት ባልደረቦቿ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ከዚያ በኋላ በብዙዎች የተደጋገመ ጥናት አለ። ሰዎች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ እየተጠሩ የተለያዩ አባባሎች እውነት ወይም ሐሰት ስለመሆናቸው ፈረዱ። አንዳንዶቹ አባባሎች በሦስቱም ጊዜ የተደገሙ ነበሩ። የተደገሙት፣ እውነት ይሁኑም አይሁኑም፣ በየዙሩ ይበልጥ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። እንግዲህ ቤት የሚመታ አባባል ገና በመጀመሪያው ቀን ቅለት ይዞ ይወለዳል፤ ስለሚቀል ይታወሳል፤ ስለሚታወስ ይደገማል፤ ስለተደገመ ደግሞ ሌላ ቅለት ይጨመርበታል። ከስንት ትውልድ በኋላ ሲደርሰን ‹‹በዘመን የተፈተነ›› እንለዋለን። ፈተና ግን አልተቀመጠም። የተፈተነው ምላስ ላይ መቆየቱ ነው።

ፈተና የተቀመጠ አንድ አባባል አለ። ጀርመኖች በቢራ ላይ ወይን መጠጣት ደግ ነው፣ በወይን ላይ ቢራ ግን ተው የሚል ቤት የሚመታ ምክር አላቸው። እንግሊዞችም ‹‹ቢር ቢፎር ዋይን ኤንድ ዩ ዊል ፊል ፋይን›› ብለው በቋንቋቸው ገጥመውታል፤ ከወይን በፊት ቢራ ከጠጣህ ደህና ትሆናለህ ነው። ይህን ምክር በጀርመን የቪተን ሄርዴከ እና በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምሩ ወስደው በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። ከ19 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው 90 ፈቃደኞች ነበሩ። አንዱ ቡድን ቢራ ጠጥቶ ወይን አስከተለ፤ ሁለተኛው ወይን ጠጥቶ ቢራ፤ ሦስተኛው ቢራ ብቻ ወይም ወይን ብቻ። ሁሉም በትንፋሽ በሚለካ ልክ እኩል እስኪሰክሩ ጠጡ፣ በሐኪም ክትትል እዚያው አደሩ፣ በማግስቱ ጥማቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ ተመዘገበ። ከሳምንት በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው እንደገና ጠጡ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር ተወዳደረ።

ቅደም ተከተሉ ምንም አላመጣም። የማግስቱን ህመም፣ ሰዉ ሀንጎቨር የሚለውን፣ አስቀድሞ የሚጠቁመው ሰውየው ምን ያህል እንደሰከረ ራሱ የተሰማው ስሜትና ማስታወኩ ሆኖ ተገኘ። በሁለት አገር፣ በሁለት ቋንቋ፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ምክር፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ባዶ ሆነ። ወይን በእንግሊዝኛ ‹‹ዋይን›› ባይባል ኖሮ ‹‹ፋይን››ን አናገኝም፤ ‹‹ፋይን›› ከሌለ ደግሞ እንግሊዝኛው ምክር በዚያ መልኩ ባልተወለደ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። የቋንቋ አጋጣሚ የጤና ምክር ወለደ።

እንዲህ ስል ተረትና ምሳሌን ለማጣጣል አይደለም፤ ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፣ ወደፊትም እላለሁ። ቤት የሚመታ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም ሌላ ስሕተት ነው፤ ዜማው ለእውነቱም ለሐሰቱም ምስክር መሆን አይችልም። ደግሞም የዜማው ጉልበት ገደብ አለው። ማክግሎንና ቶፊባክሽ ለከፊሎቹ ተማሪዎች ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ማሳሰቢያ ሰጥተዋቸው ነበር፤ የአባባሉን አነጋገር ውበት ወደ ጎን ትታችሁ የሚናገረውን ሐሳብ ብቻ መዝኑ የሚል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ልዩነቱን በእጅጉ ቀነሰው። ዜማው የሚረታን የቅለቱን ምንጭ ሳናውቅ ነው። ምንጩ ሲነገረን አእምሮ ሒሳቡን ማረም ይችላል፤ ችግሩ በቡና ሰዓት ማሳሰቢያ የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው።

ማሳሰቢያ አንባቢ ባይኖርም ቃል መለወጥ ግን ለማንም ይቀላል። ‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ›› ሲባል በልባችሁ ‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነኩም›› በሉት። ‹‹አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም›› ሲባል ‹‹አንድ ሰው ዳኛ አይሆንም›› በሉት፤ ወዲያው ‹‹ለምን አይሆንም? ዳኛ ብቻውን የሚቀመጥበት ችሎት አለ እኮ›› የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ያ ሐሳብ ቀድሞም የነበረ ነው፤ ዜማው ነው ተራ ያሳጣው። አንዳንዱ አባባል ቤቱ ቢፈርስም ይቆማል። አንዳንዱ ከቤቱ ጋር ይፈርሳል።

ጽሑፉን ለመጻፍ ስዘጋጅ በራሴ ሰፈር አንድ ቀልድ ቢጤ ሞክሬ ነበር። ጥናት እንዳትሉት፤ ስምንት ጎረቤትና ሁለት ጀበና ቡና ነው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ከዚህ በፊት ያልተባለ አባባል ፈጠርኩ፦ ‹‹ቸኩሎ ያበደረ፣ ሲለምን አደረ።›› ከዚያ ቤቱን አፈረስኩት፦ ‹‹ቸኩሎ ያበደረ፣ ሲለምን ነጋበት።›› ሲለምን ያደረ ሰው ሲለምን የነጋበት ሰው ነው፤ አንድ ሌሊት ነው። የመጀመሪያውን በአንድ እሁድ ለአራቱ ጣል አደረግሁ፣ ሁለተኛውን በሌላ ቀን ለአራቱ። ‹‹ነጋበት›› የሰሙት ፊታቸውን ሸብሸብ አደረጉ። አንዷ ‹‹ገንዘቡ የራሱ አይደል እንዴ፣ ለምን ይለምናል? ወረቀት አላስፈረመም?›› አለች፤ ሌላው ደግሞ ወንድሙ በቸኮለ ጊዜ አበድሮት በሳምንቱ እንደመለሰለት ነገረኝ። ‹‹አደረ›› የሰሙት ግን ‹‹እውነት ነው›› አሉ። አንዱማ ‹‹እኔን ነው የነገርከኝ›› ብሎ እጄን መታኝ። ስለ ወረቀት ያነሳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳሁት። ባለፈው ወር ሞባይሌ ተበላሽቶ ለማሠሪያ ገንዘብ ሲያጥረኝ፣ ከእነዚያ አራቱ አንዷ የሆኑትን ጎረቤቴን እትዬን አምስት መቶ ብር እንዲያበድሩኝ ጠየቅኋቸው። ቦርሳቸውን አውጥተው ከፈት አደረጉ፣ ትንሽ አሰቡ፣ መልሰው ዘጉት።

‹‹አይ ልጄ›› አሉኝ፤ ‹‹የድሮ አባቶች ዝም ብለው አልተናገሩም። ቸኩሎ ያበደረ ሲለምን አደረ።››